ስፕሬዱ ነጻ ገንዘብ አይደለም

«ማርኬት ሜከር ማለት በገዢና በሻጭ መካከል ቁጭ ብሎ ሳንቲም የሚለቅም ደላላ ነው። ምን ሠርቶ ነው የሚከፈለው?» አለኝ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ አንድ ወዳጄ።

ሳንቲም መልቀሙ እውነት ነው። ደላላ ግን አይደለም። ደላላ የራሱን ገንዘብ ሳያስገባ ሁለት ሰው ያገናኛል። ማርኬት ሜከር ግን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ገዢ እስኪመጣም አክሲዮኑን ተሸክሞ ይቆያል። የሚከፈለው ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። ማርኬት ሜከሩ አንድን አክሲዮን «በ19.98 ዶላር እገዛለሁ፣ በ20.02 እሸጣለሁ» ብሎ በሁለቱም በኩል 500 አክሲዮን አስቀመጠ እንበል። በመካከል ያለችው 4 ሳንቲም ስፕሬድ ትባላለች። አንዱ መጥቶ 500 ሸጠለት። ትንሽ ቆይቶ ሌላው 500 ገዛው። ትርፉ 20 ዶላር ነው። ለዚህች 20 ዶላር ወደ 10 ሺህ ዶላር አውጥቶ ነው የጠበቀው።

ጉዱ የሚመጣው ሻጩ ማርኬት ሜከሩ ያልሰማውን ነገር ሲሰማ ነው። ይህ ሰው 500 አክሲዮን በ19.98 ሸጦ ሄደ። ወዲያው መጥፎ ዜና ወጣና ዋጋው 19.80 ገባ። በእያንዳንዱ አክሲዮን 18 ሳንቲም፣ በድምሩ 90 ዶላር ኪሳራ። የአራት ዙር ተኩል ትርፍ በአንድ ግብይት ጠፋ ማለት ነው። ችግሩ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ማን መረጃ እንዳለው፣ ማን ገንዘብ ቸግሮት እንደሚሸጥ አይታይም። ስለዚህ ስፕሬዱን ሁሉም ይከፍላል። ግሎስተንና ሚልግሮም የተባሉ ምሁራን በ1985 እንዳሳዩት፣ ማርኬት ሜከሩ ምንም ወጪ ባይኖርበት፣ ትርፍም ባይፈልግ እንኳ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ስፕሬድ ይኖራል።

ለዚህ ነው የተለጠፈው ዋጋ ብቻ ትርፉን የማይነግረን። ማርኬት ሜከሩ ራሱን የሚለካው ከግብይቱ ጥቂት ጊዜ በኋላ ዋጋው የት እንደደረሰ አይቶ ነው። በሸጡለት ቁጥር ዋጋው የሚወርድ ከሆነ፣ ስፕሬዱ ጠቦታል። ሰፋ ያደርገዋል። ብዙ አክሲዮን ከተከማቸበት ደግሞ ሁለቱንም ዋጋ ዝቅ አድርጎ 19.95 እና 19.99 ይላል። ገዢ እንዲመጣለት፣ ሌላ ሻጭ እንዳይመጣበት።

አሁን ወደ ኦርደር ቡኩ፣ የመግዣና የመሸጫ ትዕዛዞች በየዋጋቸው ወደሚደረደሩበት መዝገብ፣ እንምጣ። በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስፕሬዱ ጠባብ ነው ብሎ ገበያው ጥልቅ ይመስለዋል። በመሸጫው በኩል 500 አክሲዮን በ20.02፣ 700 በ20.05፣ 800 በ20.10 ተደርድሯል እንበል። 100 አክሲዮን የሚገዛ ሰው 20.02 ከፍሎ ይሄዳል። 2,000 በአንዴ የሚገዛ ግን ሦስቱንም ደረጃ ጠራርጎ ይወስዳል፤ አማካይ ዋጋውም 20.0625 ይሆንበታል። ያየው ዋጋና የከፈለው ዋጋ ለየቅል ናቸው። ያ ከ4 ሳንቲም በላይ የሆነ ልዩነት የጥልቀት ማነስ ዋጋ ነው።

በዚያ ላይ የተደረደረው ቁጥር ቃል ኪዳን አይደለም። በቅጽበት ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 የአሜሪካ ገበያ በደቂቃዎች ውስጥ ሲዘቅጥ ብዙዎቹ ማርኬት ሜከሮች ዋጋቸውን ከገበያው አነሱ። የቀረው ማርኬት ሜከር ሁልጊዜ ዋጋ ያስቀምጥ ለሚለው ደንብ ሲባል ብቻ የተቀመጠ፣ ማንም ይገበያይበታል ተብሎ ያልታሰበ የ1 ሳንቲም መግዣ ነበር። አንዳንድ የታወቁ ኩባንያዎች አክሲዮን በእውነት በ1 ሳንቲም ተሸጠ። ያን የመሰለ የይስሙላ ዋጋ በዚያው ዓመት ተከለከለ፤ ከመጠን በላይ የራቁት ግብይቶችም ተሰረዙ። አዲሱ ደንብ ግን ማርኬት ሜከሩን በ1 ሳንቲም ከመቀመጥ ቢከለክለውም፣ ሲፈራ ስፕሬዱን ከማስፋት አይከለክለውም። እኔም ቢከለክለው አልመኝም። ኪሳራውን እያየ ቁም የተባለ ሰው በማግስቱ ጭራሽ አይመጣም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ስፕሬዱን አልከፍልም» አለ። ገበያው የሚለውን ከመቀበል ይልቅ የራሱን መግዣ ዋጋ፣ 19.99፣ አስቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ። «አንድ ነገር አልገባኝም። ዋጋው ሊጨምር ሲል ትዕዛዜ አይነካም። ሊወርድ ሲል ግን ወዲያው ይሞላል» አለኝ።

«እንኳን ወደ ሥራው በደህና መጣህ» አልኩት።