ፔሬድ ከ40 በፊት ሲቆም ሆርሞን የሚያስፈራው ለምንድነው?

«32 ዓመቴ ነው፣ ፔሬዴ ከቀረ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሀኪሟ ኦቫሪሽ ያለጊዜው ደክሟል፣ እስከ 50 ዓመትሽ አካባቢ ሆርሞን ትወስጃለሽ አለችኝ፣ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ስለሰማሁ ግን ፈርቼ አልጀመርኩም።»

የጡት ካንሰር ኖሮሽ የማያውቅ ከሆነና ሀኪሟ ሌላ የሚከለክል ነገር ካላገኘች እኔ ጀምሪው ነው የምለው፣ ባትጀምሪ የምትከፍይው ዋጋ ከምትፈሪው ይበልጣል።

ፍርሃቱ የመጣው በአብዛኛው በፈረንጆቹ 2002 ከወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። እዛ ጥናት ላይ የነበሩት ሴቶች አማካይ ዕድሜያቸው 63 ነበር፣ በተፈጥሮ ካረጡ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ማለት ነው፣ ለእነሱ ሆርሞኑ ሰውነታቸው በዛ ዕድሜ ከሚኖረው በላይ ተጨማሪ ነው። አንቺ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እኩዮችሽ ከራሳቸው ኦቫሪ እያገኙት ያለውን ኤስትሮጅን ነው አንቺ ያጣሽው፣ ስለዚህ ኪኒኑ ወይ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች የጎደለውን ነው የሚተካው። የ63 ዓመት ሴትን ውጤት አንስቶ 32 ዓመት ላይ መለጠፍ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ስንት ወጣት ሴት በዚህ ተሳስታ መድሃኒቱን ትታለች።

ሌላው የሚያሳስተው ደግሞ ምልክት ነው። አንዳንዷ ሌሊት በላብ ተነክራ ትነሳለች፣ እንቅልፍ ያጥራታል፣ ግንኙነት ያማታል፣ ሌላዋ ግን ከፔሬዱ መቅረት ውጪ ምንም አይሰማትም፣ እና «ደህና ነኝ እኮ፣ ለምን እወስዳለሁ» ትላለች። አጥንት ሲሳሳ ግን አያምም። ኤስትሮጅን ሲጠፋ አጥንት ከሚገነባው ይልቅ የሚፈርሰው ይፈጥናል፣ ይሄ ደግሞ በ50 ሳይሆን በ30 ሲጀምር ሃያ ዓመት ቀድሞ ነው፣ ስለዚህ ኦቫሪው መድከሙ እንደታወቀ ዴክሳ የሚባለውን የአጥንት ጥግግት መለኪያ ማሰራት ጥሩ ነው። የልብና የደም ስር በሽታም ሳይታከም ከቆየ ይጨምራል፣ ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት ደም ግፊት ያባብሱታል።

አሁን ደግሞ ሰው የሚዘገይበትን ቦታ ላሳይ። የ29 ዓመት ሴት ናት እንበል፣ ፔሬዷ መጀመሪያ ይዛባል፣ ከዛ አራት ወር ይቀራል፣ ሄዳ ስትጠይቅ «ጭንቀት ነው» ትባልና ፔሬድ ለማስተካከል ተብሎ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ይሰጣታል። በየወሩ ደም ስታይ ዳንኩ ትላለች፣ ግን ያ ደም ከኪኒኑ የመጣ ነው፣ ኦቫሪው ስለመስራቱ ምንም አይናገርም። ሁለት ዓመት ቆይታ ልጅ ፈልጋ ስታቆመው ፔሬዱ አይመጣም፣ ያኔ ደሟ ሲመረመር ኤፍ ኤስ ኤች፣ ማለትም አንጎል ኦቫሪውን ስራ ብሎ የሚልከው ሆርሞን፣ 60 ይሆናል። ከ40 በታች ሆና ፔሬዷ ለአራት ወር የተዛባ ወይ የቀረ ሴት መጀመሪያ እርግዝና አለመሆኑ ይታያል፣ ከዛ ኤፍ ኤስ ኤች ይለካል፣ ከ25 በላይ ከሆነ ኦቫሪው ደክሟል ማለት ነው፣ ሀኪም ከተጠራጠረ ከአንድ ወር በኋላ ይደግመዋል። ጭንቀት ወይ ብዙ መክሳት ፔሬድ ሲያስቀር ኤፍ ኤስ ኤች ዝቅ ይላል ወይ እንደነበረ ይሆናል እንጂ እንደዚህ አይወጣም፣ አንድ የደም ምርመራ ሁለቱን ይለይ ነበር። ኪኒን ላይ እያለሽ ግን ውጤቱ አይታመንም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ይሄንን መስማት ራሱ ከባድ ነው፣ ሰው ራሱን መክሰስ ይጀምራል። ከሚታወቁት ውስጥ ኬሞና የዳሌ ጨረር፣ የኦቫሪ ኦፕሬሽን፣ የኤክስ ክሮሞሶም ችግር አሉ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታም አለ፣ ለዚህ ነው ታይሮይድና ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢ አብረው የሚታዩት። ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው የጂን ለውጥ ከተገኘ እህቶችም ሊነገራቸው ይገባል።

ስሜቱን በተመለከተ፣ ኦቫሪሽ ደክሟል የሚለውን ዜና በሁለት ደቂቃ ነግሮ መሸኘት ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ያልወለደች ሴት ያንን ቃል ከሰማች በኋላ ስለ አጥንት የሚነገራት ነገር አይገባትም፣ ሌላ ቀጠሮ ተይዞላት፣ ከፈለገች ባሏን ይዛ መጥታ መጠየቅ አለባት። ሀዘኑ ሀዘን ነው፣ ከድብርት ጋር ሲመጣ ደግሞ ለብቻው ይታከማል። ኦቫሪው አልፎ አልፎ ስለሚነቃ ከመቶ አምስት ያህሎቹ በተፈጥሮ ያረግዛሉ፣ ለሌሎቹ የለጋሽ እንቁላል አለ። መውለድ የማትፈልግም ብትሆን ሆርሞኑ ራሱ እርግዝናን እንደማይከላከል ማወቅ አለባት።

ካንሰሩን ካነሳን የምር መጠንቀቅ ያለብሽ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ማህፀን እያለሽ ኤስትሮጅን ብቻውን አይወሰድም፣ የማህፀን ግድግዳ እየወፈረ ሄዶ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፣ ስለዚህ ፕሮጄስትሮን አብሮ ይታዘዛል፣ አንዳንዴ በየቀኑ አንዳንዴ በወር ቢያንስ 12 ቀን። ማዘዣሽ ላይ ሁለቱም መኖራቸውን እዪ፣ ከሌሉ ለምን ብለሽ ጠይቂ። 50 አካባቢ ስትደርሺ ደግሞ መቀጠል ወይ ማቆም እንዳለብሽ ከሀኪምሽ ጋር እንደገና ትነጋገሩበታላችሁ።