ማስተካከያ፦ አብላጫ ድምፅና ከግማሽ በላይ

«ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር እጩ ከግማሽ በላይ ድምፅ ካላገኘ አያልፍም» ተብሎ በስፋት የተጋራው ስህተት ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሚጠይቀው አብላጫ ድምፅ ነው፤ ይኸውም ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ማግኘት። ከ1001 ድምፅ ሦስት እጩዎች 420፣ 381 እና 200 ቢያገኙ፣ 581 መራጮች ሌላ ቢመርጡም ባለ 420ው ያሸንፋል። ሁለተኛ ዙር የለም።

ከግማሽ በላይ በሚጠየቅበት ምርጫ፣ ለምሳሌ በፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር፣ 420 አይበቃም። እዚህ ላይ «ግማሽ ሲደመር አንድ» የሚለው ስሌትም ያሳስታል። የ1001 ግማሽ 500.5 ስለሆነ 501 ድምፅ ይበቃል፤ አንድ ከተደመረበት ግን 501.5 ይሆንና 501 ያገኘው አሸናፊ ያለአግባብ ወደ ሁለተኛ ዙር ይላካል።