ውዳሴ ለቀይ አፍንጫ

የገና በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው በየቢሮው የሚፈላውን የፈጠራ ችሎታ ያላየ ሰው ብዙ ነገር ቀርቶበታል። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ያወጣል፣ «አጋዘን» ብሎ ይፈልጋል፣ ከመጡለት ምስሎች የመጀመሪያውን ይነካል፣ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ከሥሩ አንድ መስመር ያክልበታል፦ «ይህንን ትንሽ ለወጥ አድርግና የእኛን ሎጎ ለጥፍበት።» አለቀ። ሌላው ሰው ወር ሙሉ እየሣለ፣ እየቀደደ፣ እንደገና እየሣለ የሚደርስበትን፣ የእኛ ጀግና ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ ጨርሶታል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አለማመስገን ንፉግነት ነው።

እኔ በዚያ ቢሮ «ለወጥ አድራጊ» ነበርኩ። በወረቀት ላይ የተጻፈው ማዕረጌ ዲዛይነር ይላል። ድርጅቱ ዕቃ ከቤት ቤት የሚያደርስ ሲሆን፣ አርማው ከካርቶን ጥግ የታጠፈ አንድ ብርቱካንማ ቀስት ነው። የተላከልኝ አጋዘን ደግሞ ዓይኑ ትልልቅ፣ ፈገግታው ልብ የሚሰርቅ፣ አፍንጫው እንደ ፍሬን መብራት ቦግ ብሎ የሚበራ ነበር። የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። ግራውን ወደ ቀኝ ገለበጥኩት፤ ቡናማው ቆዳ ወደ ብርቱካን እንዲያዘነብል አደረግኩ፤ ቀንዱን ከጫፉ ከረከምኩለት፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠመጠምኩለት። አፍንጫውን እንዳልነካ ግን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። «እሱማ ጌጡ ነው!»

እዚህ ላይ ስለ ታላቁ የሠላሳ በመቶ ሕግ አንድ ነገር ልበል። ሠላሳ በመቶ ከለወጥከው የአንተ ነው ይላል። በየትኛው አገር፣ በየትኛው ምክር ቤት እንደ ጸደቀ እስካሁን የሚያሳይ አልተገኘም፤ በየቢሮው ግን ከሕገ መንግሥት በላይ ይከበራል። አንዳንዱ ቢሮ ሃያ ይበቃል ይላል፤ ጠንቃቃው አርባ ይጠይቃል። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና ለካሁ። አፍንጫው ከጠቅላላው ምስል ስፋት ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም። የቀረውን ዘጠና ሰባት እጅ ብቀይረው እንኳ ያቺ ሦስት እጅ ብቻዋን ቆማ የባለቤቷን ስም ትጠራለች። ለርንድ ሃንድ የሚባሉ አሜሪካዊ ዳኛ በፈረንጆቹ 1936 በሰጡት ፍርድ፣ ገልባጭ የሆነ ሰው ከሥራው ውስጥ ያልገለበጠው ምን ያህል እንደሆነ በማሳየት ከጥፋቱ ነጻ ሊወጣ አይችልም ብለዋል። ምስኪን ዳኛ፤ የእኛን ሥራ አስኪያጅ ባያገኙት ነው።

ጉዳዩን በስታትስቲክስ ሳይሆን በጥበቃችን ነው ያጣራሁት። ፖስተሩን አትሜ፣ ሎጎውን በእጄ ሸፍኜ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ሩዶልፍ ነዋ!» አሉ ሳያመነቱ። ልብ በሉ፤ አጋዘን አላሉም። ሰው የእንስሳውን ዓይነት ከመለሰ የያዝከው እንስሳ ነው፤ የግል ስም ከጠራ የያዝከው የሰው ንብረት የሆነ ገጸ ባሕርይ ነው። ቀይ ክብ ብቻውን የማንም አይደለም፤ አጋዘንም ብቻውን የማንም አይደለም። ሁለቱ ተገናኝተው ጨለማ ውስጥ የሚያበራ አፍንጫ ሲሆኑ ግን መታወቂያ ይሆናሉ።

የዚህ መታወቂያ ታሪክ ለእኛ ቢሮ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። የገና አባትን መንሸራተቻ የሚጎትቱት ስምንቱ አጋዘኖች ከነስማቸው የመጡት በ1823 ጋዜጣ ላይ ከወጣ ግጥም ነው። የቅጂ መብት ከሚባለው አጥር ከወጡ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ ማንም ሊነዳቸው ይችላል። ዘጠነኛው፣ ባለ አፍንጫው ሩዶልፍ፣ የተወለደው በ1939 ነው፤ የተወለደውም ተረት አባት ቤት ሳይሆን የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ። ሞንጎመሪ ዋርድ የተባለ የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት በየዓመቱ ለልጆች የሚያድለውን መጽሐፍ ከሌላ ይገዛ ነበር። ወጪው ሲበዛበት «ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አለና ሮበርት ሜይ የሚባል የማስታወቂያ ጸሐፊውን አዘዘው። በዚያው ዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታደለ። በ1947 ደግሞ ድርጅቱ መብቱን ለጸሐፊው አስረከበ። በአሜሪካ ሕግ የዚያ መጽሐፍ የቅጂ መብት የሚያበቃው በ2034 መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላም ገጸ ባሕርዩ የንግድ ምልክት ሆኖ ያገለግላልና፣ ምልክት ደግሞ በሥራ ላይ እስካለና እስከታደሰ ድረስ የማለቂያ ቀን የለውም።

እንግዲህ አስቡት። በየዓመቱ የምንበደረው አፍንጫ የተፈጠረው፣ አንድ ድርጅት የሌላ ሰው ሥራ መግዛት ሰልችቶት የራሱን ለመሥራት ስለወሰነ ነው። ከንቱ ድካም! ያኔ የእኛ ሥራ አስኪያጅ በአጠገባቸው ቢኖር ኖሮ አንዱን ምስል ገልብጦ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ያን ሁሉ ማሰብ ያስቀርላቸው ነበር።

ጥንቃቄ የለውም ብላችሁ ደግሞ እንዳታሙት። በዚያው ስብሰባ ላይ ከአጋዘኑ ጀርባ ቀይ የለበሰ የገና አባት አይቶ በድንጋጤ ተነሣ። «ቀዩ ልብስ የለስላሳ መጠጥ ኩባንያው ነው፤ ይከሱናል! ሐምራዊ አልብሰው።» እውነቱን ለመናገር ቶማስ ናስት የተባለው ሠዓሊ ወፍራሙን፣ ጢማሙን፣ ቀይ ለባሹን ሽማግሌ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥሎ አሳትሟል። ኮካ ኮላ ሃደን ሰንድብሎምን ቀጥሮ የራሱን ሽማግሌ ማሣል የጀመረው በ1931 ነው። የኩባንያው የሆነው የዚያ ሠዓሊ የተወሰኑ ሥዕሎች፣ የጠርሙሱ ቅርጽና የጽሕፈቱ ዓይነት ነው፤ ቀይ ካፖርት አይደለም። በዚህ ዓይነት ነጻ የሆነው ሽማግሌ እንደ ወንጀለኛ ልብሱን ተገፎ ሐምራዊ ለበሰ፤ ባለቤት ያለው አፍንጫ ደግሞ በክብር መሀል ተቀመጠ። የሰውን በር በድፍረት ገንጥሎ ገብቶ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ሲሄድ «ይቅርታ» የሚል ትሕትና የት ይገኛል?

ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ሥነ ሥርዓት የማታውቅ ልጅ ነበረች። ስልኳን አላወጣችም። አርማውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀስቱን ስታጠና ዋለች፤ ውፍረቱን፣ የመታጠፊያውን አንግል፣ ጫፉ ምን ያህል እንደተሞረደ። ከዚያ ያንኑ መስመር፣ በዚያው ውፍረትና በዚያው አንግል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየቀጣጠለች ቀንድ አደረገችው። ቀንዱን እንስሳ ላይ አልተከለችውም፤ በየቀኑ የምናደርሰው ካርቶን ላይ ተከለችው። ስምንት ካርቶኖች በአንድ የማሸጊያ ቴፕ ተያይዘው፣ ባለ ቀንድ ሆነው፣ በሌሊት ሰማይ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ። ዘጠነኛ የለም። ሎጎው ራሱ ቆብ አልለበሰም፣ በረዶም አልተቆለለበትም፤ በጥግ እንደ ወትሮው ቆሟል። በየንድፉ ወረቀት ጀርባ ቀን ጻፈችበት። ከየት አመጣሽው ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ መንገዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልታሳየው ነው። ከዚያ የጨረሰችውን ሥራ ምስል በምስል መፈለጊያ አስገብታ፣ ተመሳሳይ ነገር የሚጠቀም ሌላ ዕቃ አድራሽ መኖር አለመኖሩን አየች። ይህንን ሁሉ ሠርታ አራት ቀን ፈጀች፤ አራት ቀን!

ሎጎውን ሸፍኜ ያንኑ ጥያቄ ለጥበቃው አቀረብኩ። «የእናንተ ሳጥኖች ቀንድ አብቅለው» አሉና ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። «ጥሩ ነው፤ ግን በዓል በዓል አይልም። አፍንጫው የታለ?»

ስለዚህ የእኔ ሩዶልፍ አሸነፈ። ለሕጋዊነቱ ተብሎ አንድ የምስል መሸጫ ገጽ ላይ ተመሳሳዩ ተፈልጎ ተገዛ፤ ደረሰኝም ተያዘ። ከምስሉ ሥር በትንንሽ ፊደል Editorial Use Only ይላል። ለዜናና ለዘገባ እንጂ ለማስታወቂያ አይሆንም ማለት ነው። እኔ ይህንን ሳነብላቸው «ደረሰኝ አለን» ተባልኩ። ያ ጽሑፍ ባይኖር እንኳ ሻጩ ሊሸጥልን የሚችለው የራሱን ሥዕል እንጂ የገጸ ባሕርዩን ባለቤትነት አይደለም፤ የጎረቤቱን ቤት ፎቶ የሸጠ ሰው ቤቱን እንዳልሸጠው ማለት ነው። ደረሰኙ ግን በጣም ያማረ ደረሰኝ ነበር፤ በፋይል ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

አራት ሺህ የካርቶን ተለጣፊ ታተመ። ማስታወቂያው በማኅበራዊ ገጾች ላይ በወጣ በስድስተኛው ቀን በመብት ባለቤት አቤቱታ ተነሣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደብዳቤ ደረሰን። በዓሉ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የተነሣ ማስታወቂያ ተከራክረህ ብታስመልሰው እንኳ የሚመለሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ለወቅታዊ ሥራ ደግሞ ከዚያ የከፋ ቅጣት የለም። ሥራ አስኪያጁ አልተበገረም። ጥቁር ክብ ተለጣፊ አስቆረጠና መላው ሠራተኛ፣ ሒሳብ ክፍሉ ጭምር፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ቀይ አፍንጫ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲለጥፍ አደረ። የእኔ ድርሻ ስድስት መቶ ነበር። ከሦስት መቶው በኋላ ዓይን ማታለል ጀመረኝና አንዳንዱ ነጥብ ጉንጩ ላይ አርፏል።

ጠዋት አንዱን ለጥበቃው አሳየኋቸው። ዘወር ዘወር አድርገው አዩትና «አጋዘን ነው» አሉ። እፎይ አልን። የመጀመሪያውን ሥዕል በእጁ የሣለው ሰው ግን ገና አልጻፈልንም፤ ትልልቆቹ ዓይኖችና ያ ፈገግታ የእሱ ናቸው፣ በነጥብም አይሸፈኑም። በዚያ ላይ ዝም ብለናል።

ዘንድሮ ስብሰባው በጊዜ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ካለፈው ተምሯል፤ አጋዘን የሚባል ነገር እንዳይነሣ ከለከለ። ልጅቷ ባለ ቀንዶቹን ካርቶኖች ዘርግታ ልትናገር ስትል፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ የሰው የማይመስል ነገር አግኝቻለሁ» አለና ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። አረንጓዴ ነው፤ ጸጉራም ነው፤ በዓል የሚጠላ ይመስላል።

«ሰማያዊ አድርገው» አለኝ። «ሠላሳ በመቶ ይበቃዋል።»