ለዌቨር አዳኞች የቀረበ ምስጋና

ዌቨር ከመግቢያ ፈተና ነፃ የመሆን ፈቃድ ነው፤ አዳኞቹን ከማመስገኔ በፊት ግን ጥያቄውን ላመስግን። ለውጭ አገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ ከሚሰጡት ሁለት ፈተናዎች «ጂአርኢ ይሻላል ጂማት?» ብሎ የሚጠይቀው ወገኔ ምን እንደሚማር፣ የት እንደሚያመለክት፣ በማን ገንዘብ እንደሚማር ገና አልወሰነም። ብቃቱም እዚህ ላይ ነው። ተራ ሰው መጀመሪያ የትምህርት ክፍሉን ይመርጣል፣ የመግቢያ መስፈርቱን ያነባል፣ ፈተናው ከዚያ ይከተላል። የእኛ ሰው ግን ሙሽራይቱ ሳትታወቅ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹም አያሳፍሩትም። አንዱ «ጂማት የቀበጠ ሰው ፈተና ነው፣ አትንካው» ይለዋል፤ ሌላው «ጂአርኢ ቃላት ይገድልሃል፣ ሒሳብ ከቻልክ ጂማት ነው» ይለዋል። ሁለቱም ተፈትነው አያውቁም፤ ምክራቸው በልምድ ያልተበረዘ ንጹሕ የሆነውም ለዚህ ነው።

እውነቱ እንዲህ አያዋራም። የጂማትን ውጤት የሚያየው ከሞላ ጎደል የቢዝነስ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ጂአርኢን ግን አብዛኛው የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ሃርቫርድና ስታንፎርድም ጭምር፣ ይቀበለዋል፤ ከዚያ አልፎ ኢኮኖሚክስም የሕዝብ ፖሊሲም ይቀበለዋል። ስለዚህ ልቡ በኤምቢኤና በሕዝብ ፖሊሲ መካከል ለተከፈለ ሰው ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ አልቋል፤ ጂአርኢ ነው። ኤምቢኤ ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሁለቱም ፈተና አዘጋጆች በነፃ የሚሰጡትን ሁለት ሁለት የመለማመጃ ፈተና አለለት። አንድ ቅዳሜ ጂአርኢን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጂማትን፣ ሰዓት ይዞ ይሠራና ፐርሰንታይሉን፣ ማለትም ከተፈታኙ ስንት በመቶውን እንደበለጠ፣ ያስተያያል። ጥሬው ነጥብ አይወዳደርም፤ ጂአርኢ በሒሳብና በቋንቋ ለየብቻ ከ130 እስከ 170 ይሰጣል፣ ጂማት ግን አንድ ድምር ከ205 እስከ 805። በሁለት ቅዳሜ ያለቀ ነገር ግን ምን ጨዋታ አለው? ሁለት ዓመት ሙሉ መጠየቅ ሲቻል!

ፈተናዎቹ መለወጣቸውንም ባለመስማት የጸኑትን ማለፍ ነውር ነው። ጂአርኢ በመስከረም 2016 አጥሮ ከሁለት ሰዓት በታች ሆኗል። ጂማት ደግሞ በጥቅምት 2016 አዲስ መልክ ይዞ ወጣ፤ ድርሰቱ ቀረ፣ ጂኦሜትሪው ቀረ፣ ዓረፍተ ነገር ማረሙ ቀረ፣ ሰንጠረዥና ግራፍ ማንበብን የሚፈትነው ክፍል ደግሞ ሰፍቶ ከድምር ነጥቡ ውስጥ ገባ። ወገኔ ግን ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ወፍራም የጂማት መጽሐፍ አቅፎ፣ ከፈተናው የወጣውን ዓረፍተ ነገር ማረም ሲያርም ያመሻል። አንዲት የማውቃት ልጅ በአዲሱ ጂማት 645 አምጥታ አንገቷን ደፍታ ከረመች፤ የአጎቷ ልጅ ድሮ 700 አምጥቷላ። በአዲሱ ሚዛን 645 ከድሮው 700 ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ማን ይንገራት? የአጎቷ ልጅ እንደማይነግራት የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጀግኖቼ ልምጣ። አንደኛው ባዮሎጂ ተመርቆ አሜሪካ ፒኤችዲ የሚፈልግ ነው። ሺህ የእንግሊዝኛ ቃል በትንንሽ ካርድ ጽፎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይሸመድዳል። በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኖርዝ ካሮላይና እና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የራሳቸውን የባዮሜዲካል ፒኤችዲ ተማሪዎች መረጃ አገላብጠው የጂአርኢ ውጤት ማን ጥሩ ተመራማሪ እንደሚሆን ብዙም እንደማይተነብይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ ያሉ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች ፈተናውን እየተዉት ሄዱ፤ ብዙዎቹ ቢላክላቸውም አያዩትም። የተማሪዎቹን ክፍያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ትምህርት ክፍሉ ነው። ይህ ልጅ ማድረግ የነበረበት ቤተ ሙከራቸው ሊሠራ የሚፈልጋቸውን የሦስት ፕሮፌሰሮች ጽሑፍ ማንበብና ለያንዳንዳቸው ልብ የገባ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ካርዱ ግን ይበልጥ ያምራል፣ ለሰልፍም ይመቻል።

ሁለተኛው ጀግናዬ ባንክ ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራ የአካውንቲንግ ምሩቅ ነው። የተመረቀበት ነጥብ 2.9 ነው፤ ሒሳብ ነክ ኮርሶቹ ላይ ሲ ይበዛል። ገንዘብ የለውም፣ ስለዚህ የሚፈልገው ኤምቢኤ ከነስኮላርሺፑ ነው። ፈተና ሊረዳው የሚችል ሰው ቢፈለግ ከእሱ የተሻለ አይገኝም። ደካማ የሒሳብ ነጥቡን ሊያካክስለት የሚችል፣ የቅበላ ኮሚቴውን «ይሄ ሰው ሒሳቡን ይወጣዋል» የሚያሰኝ አንድ ወረቀት ቢኖር ጥሩ የጂማት ወይም የጂአርኢ ውጤት ነው። ስኮላርሺፕ ሲከፋፈልም ብዙ ትምህርት ቤቶች ያንኑ ውጤት ያያሉ። ፈተናው የማያስፈልገው ባዮሎጂስት ሲሸመድድ፣ ፈተናው የሚያስፈልገው የባንክ ሰው ከፈተና የሚያስመልጠውን በር ያስሳል። ኃላፊነት እንዲህ ተከፋፍሎ ሲሠራ እንዴት ደስ ይላል!

የባንኩ ሰው መሣሪያ ዝርዝር ነው። «ጂአርኢና ጂማት የማይጠይቁ 50 ዩኒቨርሲቲዎች» የሚል፣ በቴሌግራም የሚዞር፣ መቼ እንደተሠራ የማይታወቅ። እኔ እንደጠረጠርኩት አብዛኛው የተለቀመው ኮቪድ የመፈተኛ ጣቢያዎችን በዘጋበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ፈተናውን ትተው የነበሩ ብዙ ክፍሎች በኋላ መልሰውታል። ደግሞም ዝርዝሩ ዩኒቨርሲቲን እንጂ ትምህርት ክፍልን አያውቅም። ኤምአይቲ ውስጥ የኤሌክትሪካል ምህንድስናና ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ጂአርኢ አይፈልግም፤ እዚያው ግቢ ያለው የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ግን ይጠይቃል። ዝርዝሩ ላይ «ኤምአይቲ፦ አይጠይቅም» ተብሎ ቢጻፍ ግማሹ እውነት ነው፤ ከዝርዝር ደግሞ ከዚህ በላይ መጠበቅ ስግብግብነት ነው።

ትምህርት ክፍሎቹ ራሳቸው በገጻቸው ላይ የሚጽፉት አራት የተለያየ ነገር ነው፤ ጀግናዬ አራቱንም በአንድ ቅርጫት ይከታቸዋል። አንዳንዱ አይጠየቅም ይላል፤ ባትልክ ምንም አይጎድልብህም። አንዳንዱ አንቀበልም ይላል፤ ብትልክም የሚከፍተው የለም። ሌላው በፈቃድህ ነው ይላል፤ ይህ ጥሩ ውጤት ላለው ሰው በር ነው፣ ነጥቡ ለደከመ ሰው ደግሞ «ሌላ ማስረጃ አምጣ» የማለት ያህል ነው። የመጨረሻው ዌቨር ነው። ዌቨር በራሱ አይመጣም፤ አመልካቹ ቀድሞ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ነው። ደብዳቤው «ፈተና ይከብደኛል» አይልም። ሒሳብ ነክ ኮርሶችን በጥሩ ውጤት ማለፍን፣ የብዙ ዓመት የሥራ ልምድን ከነኃላፊነቱ፣ ቀደም ብሎ የተያዘ ማስተርስን፣ ወይም እንደ ኤሲሲኤና ሲኤፍኤ ያለ የሙያ ፈተና ማለፍን ነው የሚያቀርበው። መልሱ ቀናትም ሳምንታትም ይወስዳል። ስለዚህ የማመልከቻ ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚጠየቅ ዌቨር ከተከለከለ ፈተና መመዝገቢያም ጊዜ የለም።

የባንኩ ሰው ግን የጠየቀው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ይህ ለባሕላችን ያለውን ታማኝነት ያሳያል። ደብዳቤው ውስጥ 2.9ን ለጥንካሬው ማስረጃ አድርጎ አያይዟል። ስድስቱን ዓመት «በባንክ ዘርፍ ሠርቻለሁ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሸፍኖ፣ በየቀኑ የብድር ጥያቄ እየመረመረ፣ የደንበኛን የሒሳብ መግለጫ እየተነተነ መኖሩን አልጠቀሰም። ዌቨር ሰጪው የሚፈልገው ያንኑ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ ስላልተጻፈ ከየት ይወቀው?

ገንዘቡንም እናስላ። ጂአርኢ 220 ዶላር ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይህ ከ12 ሺሕ ብር ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ በኋላ እጥፉን አልፏል። ይህ በእውነት የሚያስጨንቅ ነው፣ እዚህ ላይ አልቀልድም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት በራሱ ሌላ ፈተና ነው፣ ብዙ ሰው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች አክስቱ ይደውላል። የባንኩ ሰው ይህን ወጪ ለማምለጥ ምን አደረገ? ፈተና በማይጠይቁ አምስት ትምህርት ቤቶች አመለከተ፣ እያንዳንዱ 100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ነበረው፣ አክስትየው 500 ዶላር ከፈለች። 220 ዶላሩ ግን ተረፈ። ለማመልከቻ ክፍያም ዌቨር እንደሚጠየቅ፣ ለአንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ኢሜይል እንደሚበቃ፣ ዌቨር አዳኙ አልደረሰበትም።

ከሦስቱ ተቀበሉት። አንዱም ስኮላርሺፕ አልሰጠም፤ ለቪዛ የአንድ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ የሚያሳይ የባንክ ደብተር አምጣ አሉት። ባንክ የሚሠራ ሰው ስለሆነ የሌሎች ሰዎችን ደብተር በየቀኑ ያያል።

አንዲት የሥራ ባልደረባው በዚሁ ዓመት ቤት ተቀምጦ የሚወሰደውን ጂአርኢ ወሰደች። እሷን የማመስግነው በግድ ነው፤ ምንም የሚደነቅ ጥፋት አልሠራችም። ስሟን ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረበት አከፋፈል፣ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ያለውን በዚያው ቦታ አድርጋ ተመዘገበች፤ በዚህ ስንቱ ወገናችን የአባቱንና የአያቱን ስም አቀያይሮ ከደጅ ተመልሷል። መብራት ቢጠፋ ብላ ጄኔሬተር ካለው ዘመዷ ቤት ሄደች፣ በሩ ላይ «እንዳትገቡ» ብላ ለጠፈች፤ ፈታኙ በካሜራ እያየ ሰው ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላልና። እናቷ ቡና ደርሷል ለማለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግሠው ደጅ ቆሙ። ውጤቷ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ዘንድሮ ባይሳካ ለመጪው ዓመት ትይዘዋለች። ይህች ልጅ ለቡድናችን አትሆንም።

ዌቨር አዳኙ አልተሸነፈም። ትናንት አግኝቼው ፊቱ በርቷል። የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው አጽፎ ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው ከአይኤልትስ የሚያመልጥበትን ዝርዝር አግኝቷል። ከሱ ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤ የማይጠይቁትን ሊያጠና ነው፤ አለቃው ደብዳቤ ሊጽፉለት ፈቃደኛ ከሆኑ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፣ አልጠየቃቸውም።