ድምሩ ሳይሳሳት የተሳሳተ ሲመስል

በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ሦስት ሴሎች 1፣ 2 እና 3 ያሳያሉ። ከሥራቸው ያለው ድምር ደግሞ 7 ይላል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቀመሩን ነው። ቀመሩ ግን ምንም አልሆነም።

ሴሎቹን አንድ በአንድ ጠቅ አድርጋችሁ ከላይ የቀመር መስመሩን ተመልከቱ። 1400፣ 2400 እና 3400 ታገኛላችሁ፤ ድምራቸው 7200 ነው። ሠንጠረዡን የሠራው ሰው ቁጥሮቹ በሺህ እንዲነበቡለት ፈልጎ በኤክሴል Ctrl+1 ተጭኗል፤ ከዚያ Custom የሚለው ውስጥ ገብቶ ይህን ጽፏል፦

```
#,##0,
```

የመጨረሻዋ ኮማ የሚታየውን ቁጥር ለሺህ ታካፍላለች። ኮዱ ላይ የአስርዮሽ ቦታ ስለሌለ 1.4 ወደ 1፣ 7.2 ደግሞ ወደ 7 ይጠጋጋል። SUM ግን የሚታየውን አያውቅም፤ የሚደምረው የተቀመጠውን ነው።

አንዳንዶች ይህን ሲያዩ ኮዱን ትተው «1.4 ሺህ» ብለው በእጅ መጻፍ ይቀናቸዋል። በኔ እይታ ይህ የባሰ ነው። ሴሉ ጽሑፍ ይሆንና SUM ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተት አለ እንኳን አይላችሁም። በ ROUND አጠጋግቶ ድምሩን 6000 ማድረግም ይቻላል። ግን ለዓይን እንዲያምር ብሎ 1200 ከሪፖርት ማጥፋት ምን ይባላል? የተጠጋጋው ቁጥር ራሱ በመመሪያ የሚፈለግበት ሥራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

እኔ የምመርጠው ኮዱን ማሻሻል ነው፦

```
#,##0.0," ሺህ"
```

አሁን 1.4 ሺህ፣ 2.4 ሺህ፣ 3.4 ሺህ እና 7.2 ሺህ ይታያል። «ሺህ» የሚለው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስላለ ለማሳያ ብቻ ነው፤ ሴሉ ቁጥርነቱን አይለቅም። ቁጥሮቹ እንዲህ ልክ ካልሆኑ አንድ አስርዮሽ ጨምራችሁም ትንሽ ልዩነት ሊቀር ይችላል። ያኔ ከሠንጠረዡ ሥር «በመጠጋጋት ምክንያት ድምሩ ላይገጥም ይችላል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አንባቢ አይቀየምም።

«ፎርማት የተቀመጠውን አይነካም» የሚለው ሕግ የሚፈርስበት አንድ በር ግን አለ፤ እሱም CSV ነው። ኤክሴል ሠንጠረዡን በ CSV ሲያስቀምጥ የሚጽፈው የሚታየውን ነው። በመጀመሪያው ኮድ 1400 የነበረው 1 ሆኖ ይወጣል። በሁለተኛው ደግሞ «1.4 ሺህ» የሚል ጽሑፍ ይሆንና ተቀባዩ ፕሮግራም እንደ ቁጥር ላያነበው ይችላል። ዋናው ፋይል ምንም አይሆንም፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በተላከው ላይ ነው። ስለዚህ CSV ከማውጣታችሁ በፊት ዓምዱን ወደ General መልሱት። ያወጣችሁትን ፋይልም በኤክሴል ሳይሆን በኖትፓድ ከፍታችሁ 1400 መኖሩን እዩ።