ከሩጫው በፊት ክኒኑ ይታይ

«ስኳርም ደም ግፊትም አለብኝ። ጂም ተመዝግቤ፣ ቁርስና እራት ትቼ፣ ጠዋት ጠዋት ብሮጥ ምን ችግር አለው?»

ችግር መኖር አለመኖሩን የሚወስነው የሰውየው ቦርጭ ወይም ወኔ ሳይሆን የሚውጠው ክኒን ነው። ለስኳሩ ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ምግብ ቀንሶ ቢሮጥ ስኳሩ ከልክ በታች የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚወስደው ወይም ኢንሱሊን የሚወጋው ጉዳይ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጂሞች ውስጥ እነዚህን ሰዎች በአንድ ፕሮግራም አሰልፎ ማስሮጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጪ እያለ ይገፋታል፤ ሰውየው በላ አልበላ አይጠይቅም። የአንድ ክኒን ሥራ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ዕድሜው በገፋና ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ያዘዘው ሰውየው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጀራ ይበላል ብሎ ነው። ምግቡ በግማሽ ሲቀንስ ክኒኑ ሳይነካ ቢቀር እንኳ መጠኑ የበዛ ያህል ይሆናል። ሩጫ ሲጨመርበት ጡንቻ በበኩሉ ከደሙ ስኳር ይስባል፤ ይህም ከሩጫው በኋላ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይቀጥላል።

የ52 ዓመት የኮምቦልቻ ነጋዴ እናስብ። ጠዋትና ማታ 5 ሚሊግራም ግሊቤንክላሚድ፣ ከሱ ጋር ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት 25 ሚሊግራም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳል። ሰኞ ፕሮግራሙን ጀመረ። ምሳውን በ7 ሰዓት በላ፤ እራት ተወ። «መድኃኒት አይቋረጥም» ተብሎ ስለተመከረ ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ ግሊቤንክላሚዱን ባዶ ሆዱን ዋጠ። ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለሩጫ ሲወጣ ምግብ ከቀመሰ 17 ሰዓት ሆኖታል፤ የማታው ክኒን ደግሞ ገና በሥራ ላይ ነው። ሩጫው ሩብ ሰዓት ሲሞላው አላበው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ልቡ ደለቀ። ይህን ጊዜ ነው አሠልጣኙ «በርታ፣ ስቡ እየነደደ ነው» የሚለው። አሠልጣኙ አልዋሸም፤ ላብና የልብ ምት የሩጫም ምልክቶች ናቸው። የሚለየው ቀጥሎ በሚመጣው ነው፦ ድንገተኛ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታ፣ ያለወትሮ መነጫነጭ፣ የተጠየቁትን ትቶ ሌላ መመለስ፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ። መለኪያ በእጅ ካለ ከ70 በታች ያለ ቁጥር ነገሩን ይቋጨዋል። መለኪያ ከሌለ ግን ስኳሩ ወርዷል ብሎ መነሳት ነው።

ሰውየው መዋጥ ከቻለ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲነቃቃ ምግብ ይበላል። ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ትን ሊለው ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ እዚያ በደም ሥሩ ግሉኮስ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሰውየው ከተሻለው በኋላ ነው። ነጋዴያችን ስኳር ውኃውን ጠጥቶ ነቃ፤ «አለፈ» ብሎ ሱቁን ከፈተ። ግሊቤንክላሚዱ ግን አላለፈም፤ የጠጣው ስኳር ሲያልቅ እንደገና ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ክኒን ስኳሩ ክፉኛ የወረደበት ሰው ያን ዕለት ብቻውን መዋል የለበትም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቢቆይ ይሻላል።

ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ረመዳን ሲቃረብ ስኳር ያለበት ሰው መጾም ይችል እንደሆነ፣ የማታውንና የሱሑሩን ክኒን እንዴት እንደሚያደርገው ሐኪሙን ይጠይቃል። ስኳሩ ከ70 ከወረደ ማፍጠር እንዳለበትም ይነገረዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤቱም ለዐቢይ ጾም ያንኑ ይጠይቃል። ክብደት ለመቀነስ ሲሆን ግን ጠያቂ የለም። ሰውነት ለነፍሱ የጾመውንና ለቦርጩ የጾመውን አይለይም፤ እንዲያውም የኋለኛው ከጾሙ ላይ ሩጫ ጨምሮበታል።

«ስኳር በምግብ ብቻ ይጠፋል» የሚለው ወሬ መነሻ እንዳለው አልክድም። በ2017 እንደ ፈረንጆች ውጤቱ የታተመ ዳይሬክት የተባለ የብሪታንያ ጥናት፣ ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልዘለለና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎችን በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየመገበ አክሟል። በዓመቱ 46 በመቶዎቹ ስኳራቸው ያለ መድኃኒት ከበሽታው መጠን በታች ሆነ። ወሬው የሚዘለው ግን አንድ ነገር አለ፦ የስኳርና የደም ግፊት ክኒኖቻቸው በመጀመሪያው ቀን እንዲቆሙ ተደርጓል፤ ያቆሟቸውም ራሳቸው ሳይሆኑ የሚከታተሏቸው ባለሙያዎች ናቸው። እኛ ዘንድ የሚጀመረው ከግማሹ ነው፤ ምግቡ ይቀነሳል፣ ክኒኑ ባለበት ይቀራል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ሰው በራሱ ጊዜ ሁሉንም ይጥልና ስኳሩ ሲናር ከሐኪም ይደበቃል።

የግፊቱም ክኒን ያው ነው። ምግብ በኃይል ሲቀነስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ጨውና ውኃ ይጥላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም የሚያሸናው ያንኑ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሰውየው ከአልጋ ሲነሳ ይዞረዋል። ግፊቱ ተቀምጦ፣ ከዚያ ቆሞ በአንድና በሦስት ደቂቃ ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ክኒኑ ሊታይ ይገባል። ከ180 በላይ ከሆነ ደግሞ ከባድ ስፖርቱ ግፊቱ እስኪረጋ ይቆይ።

እንቅርት በወሎ ደጋ ብርቅ ስላልሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እንቅርት ሁሉ ሆርሞን አያበዛም። ነገር ግን እየበሉ መክሳት፣ ቁጭ ብለው ልብ መደለቅ፣ ሙቀት አለመቻል ካለ፣ የክብደቱ መውረድ የጂሙ ውጤት ነው ብሎ ከመደሰት በፊት የታይሮይድ ምርመራ ይደረግ። ለዚህ ሕመም ፕሮፕራኖሎል፣ ለግፊት ደግሞ አቴኖሎል የታዘዘላቸው ሰዎች ስኳርም ካለባቸው ይበልጥ ይጠንቀቁ። እነዚህ መድኃኒቶች የስኳር መውረድን መንቀጥቀጥና የልብ ድለቃ ይሸፍናሉ። ብዙ ጊዜ ሳይሸፈን የሚቀረው ላብ ነው፤ ሯጭ ደግሞ ላቡን አይጠረጥርም።

አሠልጣኞችን ሐኪም ሁኑ ማለቴ አይደለም። የመመዝገቢያ ቅጻቸው ክብደትና ቁመት ይጠይቃል፤ «ምን ክኒን ትወስዳለህ?» የሚል መስመር ቢጨመርበት ወጪው ምንም ነው። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ብሎ የጻፈ ሰው የክኒን ማሸጊያውንና የአመጋገብ ፕሮግራሙን ይዞ ክትትል ወዳለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። የጾም ስኳሩ፣ የሦስት ወር አማካዩና ኩላሊቱ ታይቶ ክኒኑ ይቀነስ ወይም ይቁም የሚለው ይወሰንለት። እስከዚያ እራቱን በልቶ፣ ከምሳ በኋላ ረጋ ብሎ ቢራመድ ይበቃዋል።