«በእርሱ» ወይስ «ስለ ሠሩ»?

«የትርጉም ልዩነት የቃላት ጉዳይ ነው እንጂ ትምህርተ ሃይማኖትን አይነካም።»

ይነካል እንጂ! በአንድ ሰው ኃጢአት ሞት ወደ ሰው ሁሉ እንደ ደረሰ የሚናገረውን ሮሜ 5፥12ን እንይ። ግሪኩ «ኤፍ ሆ» ይላል፤ ብዙዎቹ የዛሬ ሊቃውንት «ሁሉ ኃጢአት ስለ ሠሩ» ብለው ይረዱታል። የላቲኑ ትርጉም ግን «ኢን ኩዎ» አለው፤ ይህ «በእርሱ» ተብሎም ይነበባል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ «ሁሉ በአዳም ኃጢአት ሠሩ» ብሎ ወሰደው።

ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። በመጀመሪያው ንባብ ሰው የሚጠየቀው በራሱ ሥራ ነው። በሁለተኛው ግን ገና ሳይወለድ የአዳም በደል ተካፋይ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1546 እ.ኤ.አ. ስለ ውርስ ኃጢአት ሲደነግግ የጠቀሰው ይህንኑ የላቲን ንባብ ነው። በግሪክኛ ያነበቡት የምሥራቅ አባቶች ይበልጥ ያተኮሩት በተወረሰው ሞት ላይ ነበር።

እርግጥ አውግስጢኖስ ሌላም ማስረጃ ነበረው፤ የሕፃናት ጥምቀት አንዱ ነው። ስለዚህ «ትምህርቱን የወለደው አንድ የተሳሳተ ቃል ነው» የሚሉትም አጋነዋል።